የመስታወት ማብሪያ

«ዛሬም የውጭው መብራት ሲበራ ውሏል፣ እማዬ።»

ልጅቷ ይህን ያለችው ገና ደጃፉን ሳታልፍ ነው። «ደህና ዋልሽ» እንኳ አላስቀደመችም። እማማ ስልክ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ሬዲዮውን ቀነስ አደረጉት።

«ማን አበራው?»

«ማን ያበራዋል? ቤቱ ውስጥ ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

«እኔ አላበራሁም።»

«እሺ፣ አላበራሽም።»

ደማቸውን ያፈላው ይህ «እሺ» ነው። ለሕፃን የሚባል እሺ ነው። ተደናቅፎ ለሚያለቅስ ልጅ «ወንበሩን መታሁት፣ በቃ አታልቅስ» እንደሚባለው። እማማ ስልክ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በስልክ ማዞሪያ ቤት ነው፤ መስመር የሚያገናኙ ኦፕሬተር ነበሩ። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ጆሯቸው ላይ የሰው ድምፅ ሲንቆረቆር ስለኖረ፣ ሰው ከሚናገረው ቃል ይልቅ የሚናገርበትን ቃና ቀድመው ይሰማሉ። የዚህን «እሺ» ቃና በደንብ ሰምተውታል።

ዓይናቸው ታሟል። ሐኪሙ እንደነገራቸው ሕመሙ ከዳር ይጀምርና ወደ መሐል ይጠባል። አሁን የሚያዩት በቧንቧ ውስጥ እንደሚመለከት ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ነገር ይታያቸዋል፣ ጎኑ ግን የለም። ሰው በቀኝ በኩል ሲመጣባቸው ይደነግጣሉ። በዚህ አያፍሩም። «የጠበበው ዓይኔ ነው፣ ጭንቅላቴ አይደለም» ይላሉ። ሌላው ሁሉ በእጃቸው ነው። ብርጭቆው የት እንዳለ፣ የጫማቸው ግራና ቀኝ፣ የበሩ መቀርቀሪያ፣ ሁሉንም እጃቸው ያውቀዋል።

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ይህ መባል አለበት። ማዶ ያለው መንደር ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ጎራ ትላለች። የእናቷ ክፍል ግድግዳ እርጥበት በልቶት ልስኑ ሲረግፍ አይታ፣ «ይህ ሳምባሽን ይጨርሰዋል» ብላ በራሷ አነሣሽነት ክፍሉን አሳደሰችው። ልስኑ ተፋቀ፣ ኮርኒሱ ተቀየረ፣ ግድግዳው ነጭ ተቀባ። የቀለሙን ነገር ጠይቃቸዋለች። የመጋረጃውን ጨርቅ አምጥታ አስዳብሳቸዋለች። የማብሪያ ማጥፊያውንና የሶኬቱን ነገር ግን አልጠየቀችም። ማብሪያ ደግሞ ምን ምርጫ አለው? ያየችው ጓደኛዋ ቤት ነው፤ ወደደችውና ገዛችው።

የገዛችው የመስታወት ማብሪያ ነው። ጥቁር ብሎ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ስልክ ፊት ለስላሳ፣ ቁልፍ የሚባል የሌለው። ጣት ሲነካው ያበራል፣ ደግሞ ሲነካው ያጠፋል። አንዱ ሽፋን ላይ ሦስት የሚነኩ ቦታዎች አሉ፤ አንዱ የክፍሉን አምፖል፣ አንዱ የአልጋውን ራስጌ መብራት፣ አንዱ የውጭውን በር መብራት ይቆጣጠራል። ከእያንዳንዳቸው በላይ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማትበልጥ መብራት አለች፤ ሲበራ ቀይ ትሆናለች፣ ሲጠፋ ሰማያዊ።

አሮጌው ማብሪያ እንዲህ አልነበረም። ዘንግ ነበረው። ጫፉ ወደ ታች ከሆነ በርቷል፣ ወደ ላይ ከሆነ ጠፍቷል። እማማ ስልክ በጨለማ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እየተናገሩ ያውቁት ነበር።

በተገጠመ በማግስቱ «ይሄ ነገር አይጨበጥም እኮ» ብለው ነበር።

«ትለምጂዋለሽ፣ እማዬ። ዘመናዊ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። አንድ ቀን የውጭው መብራት ፀሐይ ላይ ሲበራ ይውላል። አንድ ቀን ልጅቷ ስትመጣ እናቷ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለዋል፤ «አብርቼ ነበር» ይላሉ። አንድ ቀን የራስጌው መብራት ቀኑን ሙሉ ትራሳቸው ላይ ይነድዳል። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ መቁጠር ጀመረች። እማማ ስልክ መቆጠራቸውን ያወቁት በ«ዛሬም» ነው። «ዛሬም» የሚል ሰው ትናንትን ይዟል ማለት ነው።

ይባስ ብሎ ደግሞ የአምፖሉ ነገር መጣ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ ላለችው ልጃቸው እንዲህ አሏት፦ «ኮርኒሱ ላይ ያለው አምፖል ከጠፋም በኋላ አይጠፋም። ስተኛ ፊት ለፊቴ ነው። ሊጠፋ እንደተቃረበ ፍም እንዲያው ጭል ጭል ይላል።»

ልጅቷ ቀና ብላ አምፖሉን አየችው። ፀሐዩ ክፍሉን ሞልቶታል። አምፖሉ ድርቅ ብሎ ጠፍቷል።

«እማዬ፣ በሩ ጋ የቆመ ሰው አይታይሽም። የጠፋ መብራት ይታይሻል?»

«ይታየኛል።»

«እሺ።»

ያችው እሺ።

ያኔውኑ ልጅቷ ወደ ግቢው ወጥታ ለታላቅ ወንድሟ ደወለች። ታላቅየው ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፣ ፎቅ ላይ። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። ዳሩ የስልክ ማዞሪያ ቤት ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ አይታለልም፤ የእማማ ስልክ ጆሮ ደግሞ ዓይናቸው ሲጠብ ይበልጥ ሰፍቷል።

«መርሳቱን ተወው፣ አሁን ደግሞ የሌለ መብራት ይታያታል። . . . አዎ፣ ብቻዋን መተው አይቻልም። እሳት ብታነሣስ? . . . እሺ፣ ቅዳሜ ና፣ ይዘሃት ትሄዳለህ። ቀስ ብለን እንነግራታለን። ክፍሉን ለጊዜው እናከራየዋለን።»

እማማ ስልክ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ክፍሉን ማከራየት! በገዛ ቤታቸው፣ እሳቸው በሕይወት እያሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው! ቅዳሜ መጥቶ እንደ ዕቃ ሊጭናቸው ነው። ደግሞስ የት? የማያውቁት ፎቅ ላይ፣ በሩ የት እንዳለ እጃቸው የማያውቀው ቤት፣ ሰው እጃቸውን ይዞ ወደ መጸዳጃ የሚመራቸው ቤት። ወንጀላቸው ምንድን ነው? መብራት አለማጥፋት። ያውም ያላበሩትን።

ልጅቷ ስትመለስ የሰሙትን አላነሡባትም። «ነገ ከሥራ ቶሎ ውጪ፣ በቀን ነይልኝ» ብቻ አሏት። እሷ ስትሄድ ስልካቸውን አነሡና ማብሪያውን የገጠመው መብራት ሠራተኛ ዘንድ ደወሉ።

መብራት ሠራተኛውን ሰፈሩ ቶሎቶሎ ይለዋል። ሥራው ጥሩ ነው፣ ችግሩ ሩጫው ነው። አንዱን ቤት ሳይጨርስ ሌላው ይጠራዋል፣ እሱም እምቢ ማለት አያውቅም።

«እማማ ስልክ! ደግሞ ምን ተቃጠለ?»

«እኔ ነኝ የተቃጠልኩት። ነገ ከምሳ በኋላ ትመጣለህ። ‹መንገድ ላይ ነኝ› ትለኝና ውርድ ከራሴ!»

በማግስቱ መጣ፣ ዘግይቶ። ልጅቷ ቀድማው ደርሳ ነበር። እማማ ስልክ መሐል ክፍሉ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«መስኮቱን ዝጋ።»

«እማማ፣ በቀን?»

«ዝጋው አልኩህ። መጋረጃውንም ሳበው። አንቺ ያንን ብርድ ልብስ በመጋረጃው ላይ ደርቢው። በበሩ ሥር የሚገባውንም ብርሃን በጨርቅ ድፈኚው።»

ልጅቷና ቶሎቶሎ ተያዩ። መተያየታቸውን እማማ ስልክ አላዩትም፣ ዝምታውን ግን ሰሙት። «ተያዩ፣ ተያዩ» አሉ። «ስትጨርሱ ድፈኑ።»

ክፍሉ ጨለመ። የክፍሉን አምፖል ቶሎቶሎ ራሱ አበራው፣ ራሱ አጠፋው። «ጠፍቷል» አለ።

«ዝም ብለህ ቁም። ዓይንህ ጨለማውን ይልመደው።»

ቆሙ። ልጅቷ በእግሯ ወለሉን ትመታለች። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ከጨለማው ውስጥ የቶሎቶሎ ድምፅ መጣ።

«ውይ።»

«ምን ውይ?» አለች ልጅቷ። ከዚያ እሷም ቀና ብላ አየች። ኮርኒሱ ላይ አምፖሉ ጭል ጭል ይላል። ብርሃኗ ደካማ ናት፣ ግን አለች።

«ይታይሻል?» አሉ እማማ ስልክ።

ልጅቷ በጨለማው ውስጥ ራሷን ነቀነቀች።

«አልሰማሁም። ይታይሻል ወይስ አንቺም የሌለ ነገር ማየት ጀመርሽ?»

«ይታየኛል፣ እማዬ።»

ቶሎቶሎ መስኮቱን ከፈተ። ፊቱ ቀልቷል። «የኔ ጥፋት ነው» አለ። «ይሄ የመስታወት ማብሪያ ራሱ መብራት ይበላል። ሁልጊዜ ነቅቶ ጣት ይጠብቃል አይደል? ለመንቃት ኃይል ያስፈልገዋል። በደንብ እንዲሠራ ኃይል የሚመጣበትም የሚመለስበትም ሽቦ ማብሪያው ጋ መድረስ ነበረበት። የድሮ ቤት ግን የመመለሻው ሽቦ በቀጥታ አምፖሉ ጋ ይሄዳል እንጂ ማብሪያው ጋ አይወርድም። ስለዚህ ይሄኛው ማብሪያ የሚጠቀምባትን ትንሽ ኃይል በአምፖሉ ውስጥ አሳልፎ ይስባል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ቢሆን አያሳይም። አዲሱ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ግን በትንሹም ይበራል።»

«ታዲያ መፍትሔ የለውም?» አለች ልጅቷ።

ቶሎቶሎ አንገቱን አከከ። «አለው። ከማብሪያው ጋር አንዲት ትንሽ ዕቃ ትመጣለች፣ አምፖሉ ጋ ጎን ለጎን የምትታሰር። ያችን ኃይል እሷ ታሳልፋታለች። እኔ . . . መለዋወጫ መስላኝ ካርቶኑ ውስጥ ተውኳት።»

«መለዋወጫ መሰለችህ!» አሉ እማማ ስልክ። «እኔን ሊያስጭነኝ የነበረው አንተ የተውካት ኮተት ናት?»

«ማን ሊጭንዎት?»

«ቅዳሜ የምጫን ነኝ። ጠይቃት።»

ልጅቷ ደነገጠች። «እማዬ፣ ሰምተሽ ነበር?»

«ዓይኔ ነው የታመመው ብዬሽ የለ?»

ልጅቷ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ግን ፊቷ በራ። እውነቷን ነው፣ ደስ ብሏታል። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እማዬ። በቃ፣ ያችን ዕቃ ይግጠማትና ተገላገልን!»

እማማ ስልክ ይበልጥ የተናደዱት አሁን ነው። ሲከሱህ የጮኸ አፍ ነጻ ሲያወጣህ በሹክሹክታ ሲያልፍ ያናድዳል።

«ማን ተገላገለ?» አሉ። «የውጭው መብራትስ? ጨለማ ውስጥ መቀመጤስ? እሱንም ኮተቷ ናት ያመጣችው?»

«እሱማ . . . እሱ መርሳት ነው። ሁላችንም እንረሳለን።»

«ቁሙ» አሉ። «ሁለታችሁም ቁሙና ተመልከቱ።»

ከቆሙበት ወደ በሩ ሄዱ። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ መዳፋቸውን ዘርግተው እንደ ልማዳቸው ዳበሱ። ጣታቸው የመስታወቱን ጠርዝ ነካ። ልክ መዳፋቸው ሲያርፍበት ራስጌው ላይ ያለው መብራት በራ። ጣታቸው አምፖሉን የሚያበራውን ቦታ ፍለጋ ወደ ጎን ሄደ፤ አምፖሉ በራ፣ ወዲያው ጠፋ። ቶሎቶሎ በበሩ አንገቱን አውጥቶ አየ። «የውጭውም በርቷል» አለ።

«እኔ ገና እየፈለግሁ ነው» አሉ እማማ ስልክ። «ገና አልነካሁም። ይሄ ነገር መፈለግና ማብራት አይለይም! ዳበስኩት፣ አበራ። ደገምኩት፣ አጠፋ። የቱን አበራሁ፣ የቱን አጠፋሁ? ማን ይንገረኝ? በቀን የውጭው መብራት መብራቱን ከክፍሌ ሆኜ በምን ልወቅ?»

«ምልክት አለው እኮ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ግን ከግማሽ መንገድ ተመለሰ። «ቀይና ሰማያዊ . . .»

«የት?»

ልጅቷ ጣቷን ወደ ሚጢጢዋ መብራት ዘረጋች፣ መልሳም አወረደችው።

«ወይ አንድ ቀን እንኳ ‹ማብሪያው ያስቸግርሻል ወይ› አትዪም! ስም እየሰጠሽ ጨረስሽኝ። ረሳች፣ ጃጀች፣ የሌለ መብራት አየች። ማብሪያው ምንም አልተባለም። ማብሪያው ዘመናዊ ነው!»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ነገርኩሽ። ‹አይጨበጥም› አልኩሽ። ‹ትለምጂዋለሽ› አልሽኝ። ንቀለው፣ አንተ።»

«አሁን?» አለ ቶሎቶሎ።

«አሁን። ከዚያ ሱቅ እንሄዳለን። እኔ ነኝ የምመርጠው።»

የመብራት ዕቃ መሸጫው ዋናው መንገድ ላይ ነው። አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የማብሪያና የሶኬት ናሙና ተሰቅሎበታል፤ ነጩ፣ ወርቅማው፣ ብርማው፣ እንጨት የሚመስለው። ሻጩ ኮስተር ያለ ጎልማሳ ነው፣ ብርጭቆ እንዳይሰበርበት የሚፈራ ሰው ይመስላል። እማማ ስልክ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ገቡ። ሻጩ ልጅቷን አየና፦

«ለእናትሽ ነው? ምን ዓይነት ይሆንላቸዋል?» አላት።

«ለእናቷ ነው፣ እናቷም አፍ አላት» አሉ እማማ ስልክ። «ጠይቀኝ።»

«ይቅርታ፣ እማማ። ምን ልስጥዎት?»

«ምንም አትስጠኝ። እዚያ ግድግዳ ጋ አድርሰኝና ዞር በል።»

ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ዳበሱ። ሻጩ ጨርቅ ይዞ ከኋላቸው ቆመ፤ የጣታቸውን አሻራ ሊወለውል ነው። ልጅቷ አፍራ ወለሉን ታያለች። እማማ ስልክ ግድ አላላቸውም። አንዱን ተጭነው ለቀቁት፣ ተመልሶ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የደወል ነው» አለ ቶሎቶሎ። «ይጫኑታል፣ ይመለሳል።»

«እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ነዋ። የሰጠሁትን ቦታ የማይዝ አልፈልግም።» ቀጣዩን ነኩ። ሰፊ ቁልፍ ነው፤ ላዩን ሲጫኑት ከታች ይነሣል፣ ታቹን ሲጫኑት ከላይ ይነሣል፣ ቀጭ ይላል። እንደገና ቀጭ አደረጉት። ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ። «ይሄ ይናገራል። የቱ ጋ እንዳለም ይነግረኛል።»

«ጥሩ ምርጫ!» አለ ሻጩ። «ግን ከዚሁ ዓይነት ውስጡ መብራት ያለበት አለኝ። በጨለማ ቦታውን ያሳይዎታል። ለእርስዎ እሱ ነው የሚሆነው።»

ቶሎቶሎ ጣልቃ ገባ። «አይሆንም። ያችም መብራት የምትኖረው በአምፖሉ ውስጥ በሚያልፍ ኃይል ነው። አምፖሉ እንደገና ጭል ጭል ሊል ይችላል።»

«ስማው፣ ዛሬ ነቅቷል» አሉ እማማ ስልክ። «መብራት የሌለበትን ስጠኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ከወለሉ አነሣች። አሁን ቀስ ብላ አንድ ሐሳብ አመጣች። «እማዬ፣ አልጋሽ ጋ ሁለተኛ ማብሪያ ብናደርግልሽስ? ያንኑ የክፍሉን አምፖል ከበሩም ከአልጋሽም እንድታበሪው።»

ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ እማማ ስልክም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ቶሎቶሎ ዞሩ። «ያኔስ ታቹ ሲጫን በርቷል ማለት ይሆናል?»

«አይሆንም» አለ እሱ። «ለሁለት ሲሆን ቦታው አይታመንም። ከአልጋ ካጠፉት የበሩ ቁልፍ ባለበት ይቀራል።»

«እንግዲያው ይቅር። ለራስጌዬ የራሱ መብራት አለው። አንዱ ማብሪያ ያለውን ሌላው የሚያፈርስበት ቤት አያሻኝም፤ ልጆቼ ይበቁኛል።»

ሻጩ ሳቁን በጨርቁ ሸፈነ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

ቀጥሎ የሽፋኑ ነገር መጣ። ልጅቷ ነጩን ዘርግታ ያዘች፤ ከግድግዳው ጋር አንድ ዓይነት፣ ንጹሕ። እማማ ስልክ ነጩን ፊት ለፊታቸው አድርገው አዩት፣ ከዚያ ከሱቁ ነጭ ግድግዳ ጋር አስጠጉት። ጠፋባቸው። ጥቁር ቡናማውን አስጠጉ። እሱ አልጠፋም።

«ይሄኛው።»

«እማዬ! በነጭ ግድግዳ ላይ? ጭቃ የተለጠፈ ነው የሚመስለው!»

«ጭቃውን አገኘዋለሁ። ያንቺን ንጹሕ ስፈልግ ግን ግድግዳውን ሙሉ በእጄ አጨቀየዋለሁ። የቱ ይሻላል?»

ሶኬቱ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። አልጋው አጠገብ ያስገጠመችው ሶኬት የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ነው፣ ስልክ ያለ ቻርጀር ራስ በገመዱ ብቻ የሚሞላበት። «እሱንም ላስነቅለው?» አለች። ስድብ እየጠበቀች ነበር።

«እሱን ማን አማረረ?» አሉ እማማ ስልክ። «እሱስ ደህና ነገር ነው። ከአልጋ ሥር ማከፋፈያ ስፈልግ በሆዴ መሳብ ቀርቶልኛል። ግን የገመዱ ጫፍ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚገባው። አገላብጬ አገላብጬ ስሞክር ቀዳዳውን ልሰብረው ነው። በሁለቱም ወገን የሚገባ የለም?»

«አለ» አለ ሻጩ። ሞላላዋን ትንሽ ቀዳዳ ያለበትን አወጣ። እማማ ስልክ ገመድ ጠይቀው በአንድ ወገን ሰኩት፣ ነቀሉት፣ ገልብጠው ሰኩት። በሁለቱም ገባ።

«ይሄ ሰው ነው» አሉ።

ቶሎቶሎ ሶኬቱን ከጀርባው ገልብጦ አየ። «አንድ ነገር አለ። ይሄም ጀርባው ወፍራም ነው፤ የስልኩን ኃይል የሚያሳንሰው ዕቃ ከኋላው ነው ያለው። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የድሮው ሳጥን ደግሞ ጎድጓዳ አይደለም። ባለፈው ሽቦውን አጥፌ በግድ ነው ያስገባሁት፣ ሽፋኑም ከግድግዳው አልገጠመም።»

«አውቃለሁ። ጥፍሬ ይገባበታል። ምነው ያኔ አልነገርከን?»

«ቸኩዬ ነበር።»

«አሁን አትቸኩልም።»

«አልቸኩልም። ግድግዳውን ፈልፍዬ ጥልቅ ሳጥን እቀብራለሁ።»

«ቀለሙ!» አለች ልጅቷ።

«ይቀባል» አሉ እናቷ። «እኔ ልቀየር ነበር እኮ፣ ቀለም አይቀየርም?»

ሥራው በማግስቱ ተሠራ። ቶሎቶሎ ኃይሉን ከቆጣሪው ሥር አቋርጦ፣ ሽቦው ኃይል እንደሌለው በቴስተር ሞክሮ፣ ባለፈው አጥፎ ያስገባትን ሽቦ ቀና አድርጎ አሰረ። ሦስቱን ቁልፎች ሲገጥም እማማ ስልክ አጠገቡ ቆሙ፤ አንዱ ተገልብጦ እንዳይገጠም ነው። ሦስቱም ታቹ ሲጫን እንዲያበሩ ተደረገ። የውጭው መብራት ቁልፍ ላይ ማጣበቂያ ጠብ አስደረጉበት፤ ሲደርቅ ጣት የምታውቀው ጉብታ ሆነ። የኮርኒሱ አምፖልም መስኮቱ ተደፍኖ ሲታይ ጨርሶ ጠፋ።

ልጅቷ አመሻሹ ላይ መጣች። ቡናማውን ሽፋን አየችው፤ ከንፈሯን ነከሰች። በሶኬቱ ዙሪያ ያለው ልስን ገና አልደረቀም። እናቷ ወደ በሩ ሄዱ፣ መዳፋቸውን ቁልፎቹ ላይ አሳረፉ። ምንም አልበራም። በጣታቸው ሦስቱን ዳስሰው «የውጭው ጠፍቷል፣ የራስጌው ጠፍቷል፣ ይሄም ጠፍቷል» አሉና አንዱን ተጫኑ። ክፍሉ በራ።

«ደስ አለኝ፣ እማዬ» አለች ልጅቷ። «ከልቤ ነው።»

«ደወዪለት።»

«ለማን?»

«ለወንድምሽ። ነገ ቅዳሜ ነው። ሻንጣ ይዞ እንዳይመጣብኝ። እዚሁ ደውዪ፣ እኔ ልስማ። ግቢ ወጥተሽ አይደለም።»

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ባትሪው ሊያልቅ ስለተቃረበ ገመዱን ከአልጋው አጠገብ ሰክታ፣ አጎንብሳ ደወለች። የታላቅየው ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

«ሄሎ . . . አዎ፣ እሷ ጋ ነኝ። ነገ አትምጣ። ማለቴ ለጥየቃ ና፣ ለዚያ ግን አይደለም . . . አይ፣ ደህና ናት። አሁን ተሽሏታል።»

«ቆይ!» አሉ እማማ ስልክ።

ልጅቷ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች። «ምነው፣ እማዬ?»

«‹ተሽሏታል› አትበይ። ምን ነክቶኝ ነው የተሻለኝ? አልታመምኩም። እንደዚያ ካልሽው የሚቀጥለው ወር አንድ ብርጭቆ ስሰብር ‹አገረሸባት› ትባባላላችሁ። የሆነውን ንገሪው።»

«እማዬ፣ በቃ፣ ዋናው ነገር አለመሄድሽ ነው።»

«ዋናውን እኔ ነኝ የማውቀው። ንገሪው።»

ስልኩ ውስጥ ታላቅየው «ሄሎ? ሄሎ?» ይላል። ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ በሩ ጋ፣ ከቡናማው ሽፋን አጠገብ ቆመዋል፤ አይቀመጡም። ልጅቷ መዳፏን ከስልኩ አነሣች።

«ስማኝ» አለች። «እሷ ምንም አልሆነችም። አልረሳችም። አምፖሉም እውነት ይበራ ነበር፣ እኔም አይቼዋለሁ። ማብሪያው ነበር። እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ እሷን ሳልጠይቅ።»

ታላቅየው አንድ ነገር አለ። ልጅቷ ሰማችው፣ ከዚያ ስልኩን ገመዱ እስከሚደርስ ወደ እናቷ ዘረጋች።

«ሊያናግርሽ ይፈልጋል።»

«መጀመሪያ ለአንቺ ‹ገባኝ› ብሏል?»

«ብሏል።»

እማማ ስልክ ያን ጊዜ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና ስልኩን ተቀበሉ።